ፊል ሬት እና አማካይ የጥሪ ማስተናገጃ ጊዜ በስኮርካርድ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኮርካርድ የየሥራ ክፍሉ መለኪያዎች ከዕቅድና ከክንውናቸው ጋር የሚቀመጡበት ቅጽ ነው። ምሳሌዎቹ ሁሉ ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው፤ ለባለሱቆች ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ የሚያቀርብ፣ ትዕዛዝ በስልክ የሚቀበል አንድ የጅምላ አከፋፋይ አስቡ።

ፊል ሬት ምንድን ነው? ቀመሩስ?

ደንበኛው ከጠየቀው ውስጥ በቀጠሮው ቀን ስንቱ እንደደረሰው የሚናገር መቶኛ ነው። ባለሱቁ 100 ካርቶን ዘይት አዘዘ እንበል። በቀጠሮው ቀን 60 ካርቶን ደረሰው። ፊል ሬቱ 60% ነው።

```
ፊል ሬት = (በቀጠሮው ቀን የደረሰ ብዛት ÷ በመጀመሪያ የታዘዘ ብዛት) × 100
```

ቀመሩ ውስጥ «በቀጠሮው ቀን» እና «በመጀመሪያ» የሚሉትን ልብ በሉ። አንዱን ከዘለላችሁት ቁጥሩ ያምራል፣ ባለሱቁ ግን መደርደሪያው ባዶ ነው። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ጥያቄዎች የሚነሱት ከነዚህ ከሁለቱ ነው።

መጋዘኑ 80% ይላል፣ ሽያጭ ክፍሉ 50% ይላል። ማን ነው የተሳሳተው?

ምናልባት ማንም አልተሳሳተም። ፊል ሬት በሦስት መንገድ ይሰላል፦ በትዕዛዝ፣ በመስመር እና በብዛት። መስመር ማለት ትዕዛዙ ላይ ያለ አንድ የእቃ ዓይነት ነው። የአንድ ቀን አራት ትዕዛዞችን እንይ።

```
ትዕዛዝ   እቃ            የታዘዘ   የደረሰ
1      ዘይት            40      40
1      ሳሙና           20      20
1      ፓስታ           30      30
2      ዘይት           100      60
2      ፓስታ           10      10
3      ሳሙና           25      25
4      ፓስታ           50      50
4      ሻይ ቅጠል         5       0
4      ሳሙና           20      20
4      የቲማቲም ድልህ    10      10
```

በትዕዛዝ ስናሰላ፣ ምንም ሳይጎድልባቸው የደረሱት 1ኛውና 3ኛው ብቻ ናቸው። 2 ÷ 4 = 50%። በመስመር ስናሰላ፣ ከ10 መስመር የጎደለባቸው ዘይቱና ሻይ ቅጠሉ ናቸው። 8 ÷ 10 = 80%። በብዛት ስናሰላ ደግሞ 310 ካርቶን ታዞ 265 ደርሷል። 265 ÷ 310 = 85.5%።

ያው ቀን፣ ያው መኪና፣ ያው እቃ ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ስህተቱ ስኮርካርዱ ላይ «ፊል ሬት» ብሎ ጽፎ ማለፉ ላይ ነው። «የመስመር ፊል ሬት» ወይም «የትዕዛዝ ፊል ሬት» ተብሎ ሙሉ ስሙ ይጻፍ።

ታዲያ የትኛውን ስኮርካርድ ላይ ላስገባ?

ቁጥሩን አይቶ እርምጃ የሚወስደው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለግዢና ለመጋዘን የመስመሩ ይሻላል። የትኛው እቃ እንዳለቀ ለይቶ ያሳያል። የብዛቱ ለጭነትና ለመኪና ምደባ ይጠቅማል። ጉዳቱ ትልልቅ ትዕዛዞች ትንንሾቹን መዋጣቸው ነው። ከላይ 5 ካርቶን ሻይ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቀርቷል፣ በብዛት ስሌቱ ግን ከ2% ያነሰ ነው የወሰደው። ሻይ ቅጠል ላጣው ባለሱቅ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የትዕዛዙ ፊል ሬት ደንበኛው የሚያየውን ያሳያል፤ ግን ጨካኝ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ መስመር 95% የመሟላት ዕድል ቢኖረውና አንዱ በሌላው ላይ ባይመሠረት፣ 10 መስመር ያለው ትዕዛዝ ሙሉ ሆኖ የመድረስ ዕድሉ 0.95 በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ 60% አካባቢ ነው። ስለዚህ የትዕዛዙን ፊል ሬት ያለ የመስመሩ ብቻውን አታቅርቡ። አለቃ 60% አይቶ መጋዘኑን ይቆጣል፣ መጋዘኑ ግን ሥራውን ሠርቷል።

በኤክሴል እንዴት ላስላው? ከታዘዘው በላይ የተላከስ?

የታዘዘው C ዓምድ ላይ፣ የደረሰው D ላይ ቢሆን፣ ለመስመርና ለብዛት በቅደም ተከተል እነዚህን ጻፉ።

```
=SUMPRODUCT(--(D2:D11>=C2:C11))/ROWS(C2:C11)

=SUMPRODUCT((D2:D11<C2:C11)*D2:D11+(D2:D11>=C2:C11)*C2:C11)/SUM(C2:C11)
```

ሁለተኛው የረዘመው በምክንያት ነው። በየመስመሩ ከታዘዘውና ከደረሰው አነስተኛውን ይወስዳል። ዝም ብሎ የደረሰውን በታዘዘው ማካፈል የሚቻል ይመስላል። ግን 3ኛው ትዕዛዝ ላይ 25 ሳሙና ታዞ በስህተት 30 ቢጫንስ? ድምሩ 270 ይሆንና ፊል ሬቱ ወደ 87.1% ይወጣል። የተረፈው ሳሙና የጎደለውን ዘይት ሸፈነው ማለት ነው። ዘይት ለጠየቀ ሰው የሌላ ሱቅ ሳሙና ምን ያደርግለታል? ትርፉ ይቆረጥ። MIN እዚህ ቦታ አያገለግልም፤ ከጠቅላላው ሰንጠረዥ አንድ ትንሽ ቁጥር ብቻ ይመልሳል እንጂ በየመስመሩ አያወዳድርም።

ምትክ እቃም እንዲሁ ነው። የአምስት ሊትር ዘይት አልቆ የሦስት ሊትር ከተላከ፣ ደንበኛው ከጭነት በፊት እሺ ያለበት መዝገብ ከሌለ እንዳልተሟላ ይቆጠራል።

የጎደለው ከሦስት ቀን በኋላ ከተላከ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ፊል ሬት የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የሆነውን ነው የሚለካው። ዘግይቶ የሄደውንም ከደመራችሁ፣ እየቆየ ሁሉም ወደ 100% ይጠጋል። የዘገየው ራሱን የቻለ መለኪያ ይሰጠው፦ የቀረው እቃ በአማካይ በስንት ቀን ደረሰ?

ወሩን በተመለከተም ያው ነው። ትዕዛዙ መስከረም 29 ተቀብሎ ቀጠሮው ጥቅምት 2 ከሆነ፣ የጥቅምት ነው። በቀጠሮ ቀን መድቡ፣ በተቀበላችሁበት ወይም በጫናችሁበት ቀን አይደለም። በጫናችሁበት ቀን ከመደባችሁ ጨርሶ ያልተጫነው ሻይ ቅጠል የየትኛውም ወር ሳይሆን ይቀራል። ከሪፖርቱ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል።

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሪፖርት የምታደርጉ ደግሞ ጳጉሜን ከወዲሁ ወስኑ። አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻዋን ወር ብትሆን፣ ትዕዛዙ ጥቂት ስለሚሆን መቶኛው ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ለነሐሴ መደመር የተለመደና የሚሠራ መፍትሔ ነው፤ ዋናው በየዓመቱ አለመቀያየሩ ነው። ሲስተሙ በፈረንጅ ቀን የሚመዘግብ ከሆነም የሴፕቴምበርን ፋይል አውጥቶ «መስከረም» ማለት አይሆንም። መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው።

ደንበኛው ራሱ የሰረዘውስ?

ቀጠሮው ሳይደርስ፣ እቃው እያለ፣ በራሱ ፈቃድ ከሰረዘ ከቀመሩ ከላይም ከታችም፣ ማለትም ከደረሰውም ከታዘዘውም ይውጣ። እቃው ስላለቀ «በቃ ተዉት» ካለ ግን ጉድለቱ የእናንተ ነው፤ የታዘዘው እንደታዘዘ ይቆያል። ለዚህ ሲስተሙ ላይ ሁለት የተለያዩ የስረዛ ምክንያቶች ያስፈልጋሉ። አንድ ብቻ ካለ ሁሉም «ደንበኛ ሰረዘ» እየተባለ ይመዘገባል።

አማካይ የጥሪ ማስተናገጃ ጊዜ እንዴት ይሰላል?

ጥሪ ማዕከል ውስጥ ኤኤችቲ የሚባለው ነው። አንድ ጥሪ የኤጀንቱን፣ ማለትም ስልኩን የሚያነሳውን ሠራተኛ ጊዜ በአማካይ ስንት ሴኮንድ እንደሚይዝ ይናገራል። ሆልድ ደንበኛው በጥሪው መሃል መስመር ላይ እንዲጠብቅ የሚደረግበት ጊዜ ነው።

```
ኤኤችቲ = (የንግግር ጊዜ + የሆልድ ጊዜ + ከጥሪ በኋላ ያለ ሥራ) ÷ የተስተናገዱ ጥሪዎች
```

አከፋፋዩ በአንድ ቀን 120 ጥሪ አስተናገደ እንበል። ንግግር 25,200 ሴኮንድ፣ ሆልድ 3,600፣ ትዕዛዙን አስተካክሎ ለመዝጋት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የዋለው 7,200። ድምሩ 36,000 ነው። ለ120 ሲካፈል 300 ሴኮንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ይሆናል።

ደንበኛው ኤጀንት እስኪያገኝ ወረፋ የጠበቀው እዚህ አይገባም። ሳይመለስለት የዘጋውም ጥሪ አይቆጠርም። ሁለቱም የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። ይህ ቁጥር የሰው ኃይል ለመመደብ ያገለግላል። በግማሽ ሰዓት 30 ጥሪ ከመጣ፣ 30 × 300 = 9,000 ሴኮንድ ሥራ አለ። ግማሽ ሰዓት 1,800 ሴኮንድ ነው፤ ስለዚህ አምስት ኤጀንት ትንፋሽ ሳይወስድ ይያዛል። ጥሪ ደግሞ ተራ ጠብቆ አይመጣም። ወረፋ እንዳይበዛ ከአምስት በላይ ያስፈልጋል።

የእኛ ቁጥር ከሲስተሙ ሪፖርት በ30 ሴኮንድ ይበልጣል። ለምን?

መጀመሪያ ሆልዱን ጠርጥሩ። አንዳንድ ሲስተሞች «የንግግር ጊዜ» ሲሉ ሆልዱን ጨምረው ነው። እናንተ ደግሞ ከጎን ያለውን የሆልድ ዓምድ ትደምራላችሁ። ከላይ ባለው ምሳሌ ንግግሩ 28,800 ተብሎ ይመጣል፤ 3,600 እና 7,200 ሲጨመሩበት 39,600 ይሆናል። ለ120 ሲካፈል 330 ነው። 30ዋ ሴኮንድ ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ሆልድ ናት።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ጥሪ በሌለበት ሰዓት አንድ የሙከራ ጥሪ አድርጉ። በስልክ ሰዓት ቆጣሪ እየያዛችሁ ሁለት ደቂቃ አውሩ፣ አንድ ደቂቃ ሆልድ ላይ አድርጉ፣ ከዘጋችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ የዚያን ጥሪ ሪከርድ አውጡ። ንግግሩ 120 ካለ ሆልድ አልገባበትም፤ 180 ካለ ገብቶበታል። የሲስተሙን መመሪያ ገልብጦ ከመከራከር ይሄ ይሻላል። ሲስተሙ ሲታደስም ድገሙት።

ኔትወርክ የቆረጣቸውና ወደ ሌላ ኤጀንት የተላለፉ ጥሪዎች እንዴት ይቆጠሩ?

ገና ተነስተው የተቆረጡ ጥሪዎች አማካዩን ሳይሠሩበት ያወርዱታል። ከላይ ባሉት 120 ጥሪዎች ላይ አምስት አምስት ሴኮንድ የቆዩ 15 ጥሪዎች ቢጨመሩ፣ 36,075 ÷ 135 = 267 ይመጣል። ማንም አልፈጠነም፤ ኔትወርኩ ነው የተበላሸው። ስለዚህ ወለል አስቀምጡ፤ ለምሳሌ ከ10 ሴኮንድ በታች ያለ ጥሪ ከጊዜውም ከብዛቱም ይውጣ። ያወጣችሁትን ግን ጣሉት አልተባለም። በየኤጀንቱ ቁጠሩት። አንድ ኤጀንት ጋ ብቻ ከበዛ ጉዳዩ የኔትወርክ አይደለም፣ ስልክ የመዝጋት ነው።

ለተላለፈ ጥሪ ውሳኔ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ ኤጀንት 180 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው 240 ሴኮንድ ቢይዙት፣ ሁለት ጥሪ ካላችሁ አማካዩ 210 ነው፤ አንድ ደንበኛ ካላችሁ 420 ነው። ለሰው ምደባ በኤጀንት መቁጠሩ ይሠራል። ደንበኛው የገጠመውን ለማወቅ በደንበኛ መቁጠር አለባችሁ። ስኮርካርዱ ላይ አንዱን መርጣችሁ ጻፉ።

የወሩን አማካይ ከየቀኑ አማካይ ማውጣት ይቻላል?

አይቻልም። ሰኞ 100 ጥሪ በ300 ሴኮንድ፣ ቅዳሜ 20 ጥሪ በ420 ሴኮንድ ተስተናገደ። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 360 ይሰጣል። ትክክለኛው ግን (30,000 + 8,400) ÷ 120 = 320 ነው። የቅዳሜዋ ሃያ ጥሪ ከሰኞ መቶ ጥሪ እኩል ድምፅ አገኘች ማለት ነው። ፊል ሬትም ላይ ያው ነው፤ የቅርንጫፎችን መቶኛ አትደምሩ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራችሁ አንዴ አካፍሉ። ስለዚህ ከቅርንጫፍ የሚመጣ ሪፖርት መቶኛውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ቁጥሮች ይያዝ።

ቢ.ኤስ.ሲ. በሚባለው የስኮርካርድ ቅጽ ላይ ኤኤችቲያችን 120% ክንውን አለው። ጥሩ አይደለም እንዴ?

ዕቅዱ 300 ሴኮንድ፣ ክንውኑ 360 ሴኮንድ ከሆነ ጥሩ አይደለም። ቅጹ ለሁሉም መለኪያ ክንውንን ለዕቅድ ስለሚያካፍል፣ 360 ÷ 300 = 120% ብሎ የዘገየውን ይሸልማል። ሲቀንስ ጥሩ ለሆነ መለኪያ ስሌቱ ይገለበጣል፦

```
ሲጨምር ጥሩ፦  ክንውን ÷ ዕቅድ × 100
ሲቀንስ ጥሩ፦  ዕቅድ ÷ ክንውን × 100
```

ስለዚህ 300 ÷ 360 = 83.3% ነው። ግን ይሄም ለኤኤችቲ ሙሉ በሙሉ አይስማማም። አንድ ኤጀንት ደንበኛውን አጣድፎ በ150 ሴኮንድ ቢዘጋ 200% ያገኛል። እኔ የምመክረው ክልል ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ ከ270 እስከ 330 ሴኮንድ ውስጥ ከሆነ ሙሉ ነጥብ፤ ከዚያ ቢያንስም ቢበዛም ነጥቡ ይቀንስ። ክልሉንም ከሌላ ድርጅት አትዋሱ። ጥሩ የሚባሉ ኤጀንቶቻችሁ ሥራውን ሳይዘሉ ሲሠሩ ከሚወስድባቸው ጊዜ አውጡት።

ፊል ሬታችን 98% ነው፣ ባለሱቆች ግን «እቃ አይሟላም» ይላሉ። እንዴት?

ትዕዛዙ ሲመዘገብ ያለውን ንግግር አዳምጡ።

«እህቴ፣ ዘይት 100 ካርቶን ላኪልኝ።»
«ጋሼ፣ አሁን ያለን 60 ነው። 60 ልመዝግብልዎት?»
«እሺ፣ ምን ይደረጋል።»

ሲስተሙ ላይ የገባው 60 ነው። የደረሰውም 60። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ የታዘዘው ድምር ከ310 ወደ 270 ይወርዳል፣ የብዛት ፊል ሬቱ 265 ÷ 270 = 98.1% ይሆናል። አንዲት ካርቶን ሳይጨመር 85.5% ወደ 98.1% አደገ። አርባው ካርቶን የትም አልተጻፈም። ግዢ ክፍሉም በሚቀጥለው ወር 60 ብቻ እንደሚፈለግ አስቦ ይገዛል፣ ዘይቱ እንደገና ያልቃል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙት። 100 ተጠይቆ 60 እንደተረጋገጠ ለይቶ መመዝገብ ጊዜ ይወስዳል። በአማካይ 20 ሴኮንድ ይጨምራል ብንል ኤኤችቲው 320 ይሆናል። የኤጀንቷ ጣሪያ 300 ከሆነ የትኛውን እንደምትዘልል ግልጽ ነው። በእሷ አይፈረድም፤ ስኮርካርዱ ነው እንዲህ አድርጊ ያላት። የጥሪ ማዕከሉ ኃላፊ ፈጣን ይባላል፣ የመጋዘኑ ኃላፊ 98% ያሳያል፣ ዘይቱ ግን የለም።

ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛ፣ የታዘዘው ብዛት በዚያች ሰዓት ስቶክ ላይ ከነበረው ጋር እኩል የሆነባቸውን መስመሮች ቁጠሩ። ባለሱቅ እንደ 20፣ 50፣ 100 ባለ ሙሉ ቁጥር ነው የሚያዘው። 37 ወይም 43 ከበዛ ያ የመጋዘኑ ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ 30 የተቀዱ ጥሪዎችን አዳምጡና ደንበኛው መጀመሪያ ያለውን ብዛት ጽፋችሁ ከሲስተሙ ጋር አመሳክሩ። መፍትሔው ሁለት ቦታ ማዘጋጀት ነው፦ «የተጠየቀ» እና «የተረጋገጠ»። «የተጠየቀ» የሚለው አንዴ ከገባ እንዳይቀየር ይቆለፍ። የፊል ሬት አካፋይ እሱ ነው። የኤኤችቲው ክልልም ይህ ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ እንደገና ተለክቶ ይቀመጥ። አለበለዚያ ቦታው ይኖራል፣ ሁለቱም ላይ 60 ይጻፋል።

ዓመቱ መሃል ላይ ቀመሩን ብናስተካክል ያለፈው ምን ይሆናል?

«የተጠየቀ» የሚለውን ስትጀምሩ ፊል ሬቱ መውረዱ አይቀርም። አለቆች «ምን ነካችሁ?» ይላሉ። ስለዚህ ለሦስት ወር ያህል አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አውጡ። ያለፈውን ጥሬ መረጃው ካለ በአዲሱ ቀመር እንደገና አስሉት። ከሌለ አትገምቱ። ግራፉ ላይ ለውጡ የተደረገበትን ቀን በመስመር አሳዩ፣ ሁለቱን ዘመን በአንድ አማካይ አትቀላቅሉ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ገጽ ይኑር። ለምሳሌ እንዲህ፦

```
ስም፦      የመስመር ፊል ሬት
ከላይ፦     በቀጠሮ ቀን ሙሉ በሙሉ የደረሱ መስመሮች
ከታች፦     ቀጠሯቸው በወሩ ውስጥ የዋለ መስመሮች በሙሉ
ብዛት፦     «የተጠየቀ» ከሚለው እንጂ «የተረጋገጠ» ከሚለው አይወሰድም
የሚወጣ፦    እቃ እያለ ደንበኛ የሰረዘው
ጳጉሜ፦     ከነሐሴ ጋር
ባለቤት፦    የአቅርቦት ኃላፊ
ዕትም፦     2
```

«ዕትም» የምትለዋን አትርሱ። ቀመሩ በተነካ ቁጥር አንድ ትጨምራለች፣ ስኮርካርዱ ላይም ከቁጥሩ አጠገብ ትታተማለች።